ክፍሉ የለም፤ እንግዳዋ ግን እየመጡ ነው
(ለሆቴል የሪሰርቬሽንና የእንግዳ መቀበያ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አላችሁ። የዛሬው ርዕሳችን አንድ ኢሜይል ነው። ክፍል ይዘው፣ ማረጋገጫ ተልኮላቸው፣ ምናልባትም ከፍለው ለጨረሱ እንግዳ «ክፍልዎ የለም፤ ሌላ ሆቴል አዘጋጅተንልዎታል» ብለን የምንጽፈው ኢሜይል። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ነገር ግን ሲበላሽ የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ስለሆነ፣ አንድ ጉዳይ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሂድበት።

ጉዳዩን አዲስ አበባ ላይ እናድርገው፤ ጊዜው የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ የሚካሄድበት የየካቲት መጀመሪያ። 80 ክፍል ያለው ሆቴል አለን እንበል። በአዘቦቱ ቀን ከያዙት ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ሰው እንደሚቀር ስለምናውቅ 84 ክፍል እንሸጣለን። አራቱ ይቀራሉ፣ ሆቴሉ ሞልቶ ያድራል፣ ማንም አይጎዳም። በጉባኤው ሳምንት ግን ይህ ስሌት አይሠራም። የሚቀር ሰው ይቀንሳል፤ ከዚያ ብሶ የልዑካን ቡድን «ሁለት ቀን እንጨምራለን» ይላል፣ ያለ ሰውን ደግሞ ከክፍሉ አናስወጣም። እንዲህ ሲሆን ሐሙስ የካቲት 5 ሁለት ክፍል ጎደለብን። ከዋሽንግተን የሚመጡ አንዲት እንግዳ ሐሙስ ጠዋት ይገባሉ፤ ለሦስት ሌሊት 360 ዶላር አስቀድመው ከፍለዋል። ኢሜይሉ የሚጻፈው ለእርሳቸው ነው።

በነገራችን ላይ ማን ይዛወር የሚለው ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው። የተለመደው አንድ ሌሊት ብቻ የሚያድረውን ማዛወር ነው፤ ሻንጣ ተሸክሞ የሚንከራተትበት ጊዜ ያጥራልና። ልጅ ይዞ የሚመጣ፣ አዛውንት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚደርስ ሰው መጨረሻ ላይ ይሁን። በእኛ ጉዳይ የአንድ ሌሊት እንግዳ ስላልነበረ ዕጣው ለእኚህ ሴት ደረሰ።

አሁን ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት የመጀመሪያው ቦታ ላይ ደረስን። ችግሩ እንደታወቀ ደንገጥ ብለን ወዲያው እንጽፋለን፦ «ክፍል ስለጎደለ ተለዋጭ ሆቴል እያፈላለግን ነው፤ በቅርቡ እናሳውቅዎታለን።» ይህ ኢሜይል ለእንግዳዋ ጭንቀት ብቻ ነው የሚሰጠው። በጉባኤ ሳምንት አዲስ አበባ ላይ ክፍል እንደሌለ እርሳቸውም ያውቃሉ። ስለዚህ ኢሜይሉ የሚጻፈው ተለዋጩ ክፍል በስማቸው ተይዞ የማረጋገጫ ቁጥሩ በእጃችን ሲገባ ነው። «ያዝልን» ብለን በስልክ የተነጋገርነው አይበቃም፤ ማታ የገባው ሠራተኛ ጠዋት የተባለውን ላያውቅ ይችላል። በጽሑፍ የመጣ ቁጥር ያስፈልጋል።

ያ ክፍል ሲያዝ ስሙ ፓስፖርት ላይ እንዳለው ይያዝ። እዚህ ላይ የእኛ አገር ልዩ ወጥመድ አለ። የማስያዣ ሲስተሙ «የቤተሰብ ስም» ብሎ የሚያሳየን የአባትን ወይም የአያትን ስም ነው። ከሲስተሙ በቀጥታ የሚገለብጥ ሰው «ውድ ወይዘሮ» ብሎ የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም ይጽፍላቸዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ይህ የደብዳቤውን የመጀመሪያ መስመር ያበላሸዋል፤ ይቅርታ የጠየቅናት ሴት ማን መሆኗን እንኳ አላየንም ማለት ነው። በራሳቸው ስም እንጥራቸው። ወይዘሮ ይሁኑ ወይዘሪት ካላወቅን «ውድ» ብለን ስማቸውን ማስከተል ይበቃል፤ አክብሮቱን «እርስዎ» እና ግሱ ይሸከሙታል። በስተመጨረሻ «አንቺ» ውስጥ እንዳንወድቅ ብቻ ሙሉውን ጽሑፍ ደግመን እንየው፤ ከሌላ ደብዳቤ ተቆርጦ የተለጠፈ አንቀጽ ብዙ ጊዜ እዚያ ያጋልጣል።

ሁለተኛው ዝግጅት ሂሳብ ነው። የእኛ ክፍል በሌሊት 120 ዶላር ነው፣ ታክስና ሰርቪስ ቻርጅ ተጠቃሎ። ተለዋጩ ሆቴል «150» አለን። ፈጠን ያለ ሰው ልዩነቱን 30 ዶላር፣ ለሦስት ሌሊት 90 ብሎ ያሰላና ለአለቃው ያሳውቃል። ግን 150 ያሉት ያልተጠቃለለ ዋጋ ነው። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 165 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 189 ዶላር ከ75 ሳንቲም። ትክክለኛው ልዩነት በሌሊት 69.75፣ ለሦስት ሌሊት 209.25 ነው። ይህን ሳናጣራ ኢሜይሉን ከላክን ተለዋጩ ሆቴል በመውጫቸው ቀን ቀሪውን ከእንግዳዋ ይጠይቃል፤ ቃላችንም እዚያ መስኮት ላይ ይፈርሳል። ስለዚህ «ተጠቃሎ ስንት ነው? ቁርስስ አለበት?» ብለን እንጠይቅ፤ ሙሉውን ሂሳብ እኛ እንደምንከፍል የሚገልጽ ደብዳቤም ለዚያ ሆቴል አስቀድመን እንላክ።

ሦስተኛው የመግቢያ ሰዓት ነው። እንግዳዋ ቦሌ የሚደርሱት ከጠዋቱ 1:30 ነው። የሆቴሎች መደበኛ መግቢያ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። እኛ «ጠዋት ክፍሉ ዝግጁ ይሆናል» ብለን ተስማምተን ከነበረ ተለዋጩም ያንኑ ማድረግ አለበት። አለበለዚያ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል በአውሮፕላን የተቀመጡ ሰው ለስድስት ሰዓት ተኩል ሎቢ ውስጥ ይቀመጣሉ። በሞላ ሳምንት ማንም በቃል ብቻ ክፍል በጠዋት አይሰጥም፤ የረቡዕን ሌሊት ከፍለን ማስያዝ ሊኖርብን ይችላል። ወጪ ነው፤ ግን ከዚህ የሚያንስ ተለዋጭ «ከእኛ እኩል» ሊባል አይችልም።

እነዚህ ሦስቱ ካለቁ በኋላ ነው የምንጽፈው።

ስለ ይቅርታው ቋንቋ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ አማርኛችን እዚህ ላይ ያታልለናልና። ብዙ የሆቴል ደብዳቤዎች «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላሉ። «ለተፈጠረው»። ማን ፈጠረው? ግሱ ባለቤቱን ደብቆታል። መብራት እንደጠፋ፣ ዝናብ እንደዘነበ ሁሉ ነገሩ ራሱ የመጣ ይመስላል። እንግዳዋ ግን ክፍሉን ከሰው ነው የገዙት። «ካለን ክፍል በላይ በመያዛችን» ስንል አድራጊው ይታያል፣ ይቅርታውም ክብደት ያገኛል። «በመያዙ» እና «በመያዛችን» መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ አንባቢዋ ግን የምታየው እርሱን ነው።

«ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት» የሚለውንም እንተወው። 84 ክፍል የሸጥነው እኛ ነን። «በቴክኒክ ብልሽት»፣ «ክፍሉ ጥገና ላይ ስለሆነ» ማለት ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው፤ እንግዳዋ ወይም ወንድማቸው በዚያው ቀን ስልክ ደውለው ክፍል ቢጠይቁ፣ ወይም በረኛው እውነቱን ቢነግራቸው፣ ቀሪው ደብዳቤ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ እውነቱ ብቻ ይነገር። ስለ ጉባኤው ርዝመት፣ ስለ ልዑካኑ ብዛት መተንተን አያስፈልግም፤ ትንታኔ በበዛ ቁጥር ጥፋቱን ወደ ሌላ የመግፋት ሽታው ይበረታል።

ሌላው «እንደሚረዱን ተስፋ እናደርጋለን» የሚለው ነው። ጨዋ ይመስላል። ግን ገና ያልተናደደችን ሴት አትናደጂ ማለት ነው። የመናደድ መብቱ የእርሳቸው ነው። ይቅርታውም አንድ ጊዜ መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይበቃል። በየአንቀጹ ሲደጋገም ቁም ነገሩን፣ ማለትም የት እንደሚያድሩ የሚነግረውን መስመር ይሸፍነዋል።

አሁን ደብዳቤውን እንየው። ርዕሱ ላይ «አስቸኳይ» ብሎ በቃለ አጋኖ መደርደር ኢሜይሉን ወደ ማጭበርበሪያ ያስመስለዋል። ጉዳዩን፣ ቀኑን እና ቁጥሩን ይያዝ።

«ርዕስ፦ ከፌብሩዋሪ 12 እስከ 15 ስለያዙት ክፍል፤ የማረፊያ ለውጥ (የማረጋገጫ ቁጥር …)

ውድ ወይዘሮ …፣

ሐሙስ ፌብሩዋሪ 12 (የካቲት 5) ለሚጀምረው የሦስት ሌሊት ቆይታዎ ያረጋገጥንልዎትን ክፍል ልንሰጥዎ አልቻልንም። ለእነዚህ ቀናት ካሉን ክፍሎች በላይ ይዘናል፤ ስሕተቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ እንጠይቃለን።

በስምዎ ሌላ ክፍል ይዘናል። ሆቴሉ … ይባላል፤ የሚገኘው … አካባቢ፣ ከእኛ በመኪና 10 ደቂቃ ያህል ርቀት ላይ ነው። የተያዘው እንደ እኛው አንድ ትልቅ አልጋ ያለው፣ ቁርስን የጨመረ ክፍል ነው። የማረጋገጫ ቁጥሩ … ነው። ክፍሉ ከጠዋት ጀምሮ ዝግጁ ስለሚሆን እንደደረሱ መግባት ይችላሉ።

ለዚያ ሆቴል የሚከፍሉት የክፍል ሂሳብ የለም። ለእኛ የከፈሉት 360 ዶላር ቆይታዎን ይሸፍናል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ልዩነት፣ ታክስና ሰርቪስ ቻርጁን ጨምሮ፣ እኛ እንከፍላለን። ቦሌ ኤርፖርት ስምዎን የያዘ ሾፌራችን ሐሙስ ጠዋት 7:30 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1:30) ይጠብቅዎታል። የስልክ ቁጥሩ … ነው። በመመለሻዎም ወደ ኤርፖርት እናደርስዎታለን።

ይህን የማይፈልጉ ከሆነ 360 ዶላሩን ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን። የትኛውን እንደሚመርጡ እስከ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 10፣ በዋሽንግተን ሰዓት ከምሽቱ 6:00 ድረስ ቢጽፉልን ወይም ቢደውሉልን እናመሰግናለን። መልስ ባይደርሰንም ክፍሉና መኪናው በስምዎ ተይዘው ይቆያሉ። ከእርስዎ ምንም የካርድ መረጃ አንጠይቅም፤ ክፍልዎንም በራስዎ መሰረዝ አያስፈልግዎትም።

እኛን ብለው የመረጡትን ቦታ ስላሳጣንዎ በድጋሚ ይቅርታ እንጠይቃለን።

(ሙሉ ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ ቀጥታ ስልክ)»

አንዳንዱን መስመር ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ እንመልከት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መጥፎውን ዜና ይዟል። አማርኛ ላይ ጤናና ሰላምታ አስቀድመን፣ ሆቴላችንን ስለመረጡ አመስግነን፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ወደ ጉዳዩ መግባት ልማዳችን ነው። በስልክ የሚያነቡ ሰው ግን ማሳወቂያው ላይ የሚታያቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ናቸው። «ስለመረጡን እናመሰግናለን» ብቻ ታይቷቸው ሳይከፍቱት ቢሳፈሩስ? ምስጋናው ይቅር።

ሰዓቱ በሁለት አቆጣጠር የተጻፈው በምክንያት ነው። «ከጠዋቱ 1:30» የሚለውን ውጭ የኖረ ሰው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ቀኑም እንዲሁ፤ «የካቲት 5» ብቻ ብንል ፌብሩዋሪ 5 መስሏቸው አንድ ሳምንት አለፈብኝ ሊሉ ነው። የሳምንቱን ቀን፣ ሐሙስን፣ መጨመር ስሕተቱን ወዲያው ያስይዛል።

የመላኪያው ሰዓትም ይታሰብ። በክረምታቸው ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስንገባ ብንልከው እዚያ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ ኢሜይሉ ከሌሎች ስር ይቀበራል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ብንልከው እዚያ በእነርሱ አቆጣጠር ጠዋት 8 ሰዓት ነው፣ ስልካቸውን የሚያዩበት ሰዓት። በዚያው ቀን እንደውል። እንግዳዋ ሊነሱ ከ24 ሰዓት በታች ከቀረ ደግሞ መጀመሪያ ስልኩ፣ ቀጥሎ ኢሜይሉ ይሁን፤ ያን ጊዜ ኢሜይሉ የተነጋገርነውን በጽሑፍ ማስቀመጫ ነው።

«ምንም የካርድ መረጃ አንጠይቅም» የሚለው መስመር ለጌጥ አልገባም። የሆቴል ስም ይዘው «ክፍልዎ ችግር ገጥሞታል፣ እዚህ ተጭነው ካርድዎን ያረጋግጡ» የሚሉ አጭበርባሪዎች ስለበዙ፣ እውነተኛው ኢሜይላችንም ይጠረጠራል። ስለዚህ ማረጋገጫውን በላክንበት አድራሻ፣ በዚያው ኢሜይል መልስ ላይ እንጻፍ። የማስያዣ ቁጥራቸውን እንጥቀስ። የሚጫን ሊንክ አናስገባ። የምንሰጠው ስልክ ድረ ገጻችን ላይ ያለው ይሁን፤ እንግዳዋ ሊያመሳክሩ ይችላሉ።

«በራስዎ መሰረዝ አያስፈልግዎትም» የሚለው ደግሞ የእርሳቸውን መብት የሚጠብቅ ነው። እንግዳው በአስያዥ ድረ ገጽ በኩል የመጣ ከሆነ አንዳንድ ሆቴሎች «እባክዎ ከድረ ገጹ ላይ ይሰርዙልን» ብለው ይጠይቃሉ፤ መዝገባቸው ንጹሕ እንዲሆን። እንግዳው ሲሰርዝ ግን የሰረዘው ራሱ ሆኖ ይመዘገባል፤ ገንዘቡም ካሳውም ሊያከራክር ነው። ይህ በይቅርታ ሽፋን የሚደረግ በደል ነው፤ በፍጹም አንጠይቅ። በዚያ በኩል ለመጣ እንግዳ ለድረ ገጹ ራሳችን እናሳውቃለን፣ ኢሜይሉንም በድረ ገጹ መልእክት መላኪያ በኩል ጭምር እንልካለን።

ስለ ካሳ ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ደብዳቤው ላይ «ለሚቀጥለው ጊዜ የ20 በመቶ ቅናሽ» አላስገባሁም። በስንት ዓመት አንዴ አገሩ ለሚመጣ ሰው በስድስት ወር የሚያልፍበት ኩፖን ምንም አይሰጥም። መስጠት ከቻልን በዚህ ጉዞ የሚጠቅም ነገር እንስጥ፤ የኤርፖርት መኪናው አንዱ ነው፣ አቅም ካለ በቆይታቸው ለአንድ ቀን መኪና ከሾፌር ጋር መመደብ ሌላው። «ከሁለተኛው ሌሊት ወደ እኛ ይመለሱ» የሚለውንም የምናቀርበው ክፍሉ በእርግጥ ከተለቀቀ ብቻ ነው። ዳግመኛ ቢጎድል የሚጻፍ ደብዳቤ የለም።

ርቀቱ ላይም አንድ ማሳሰቢያ አለ። «10 ደቂቃ» ያልነው በተራ ቀን ነው። በጉባኤው ሰሞን መንገዶች ለልዑካን ማለፊያ ሲዘጉ የቦሌ መንገድ አሥር ደቂቃው ወደ ሰዓት ሊዞር ይችላል። እንግዳዋ የመጡት ለቤተሰብ ጉዳይ ይሁን ለስብሰባ ከማስያዣው ማስታወሻ ላይ እንይ። ወደሚሄዱበት ቦታ ከእኛ የሚቀርብ ተለዋጭ ካለ፣ በካርታ ላይ ለእኛ ቅርብ ከሆነው ይልቅ እርሱ ይሻላል፤ ያንንም በአንድ መስመር ብንነግራቸው ተለዋጩ በዘፈቀደ እንዳልተመረጠ ያያሉ።

ምላሻቸው ቁጣ ከሆነ ደብዳቤውን ደግመን አንላክ። «ገብቶናል፤ ልክ ነዎት» ብለን የጠየቁትን አንድ ነገር ብቻ እንመልስ። ተመላሽ ከመረጡ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚደርሳቸው ከሂሳብ ክፍል ጠይቀን እንጻፍ፤ «በቅርቡ» የሚባል ቀን የለምና። ተለዋጩን ክፍል የምንለቀው ደግሞ «አልፈልግም» የሚለው በጽሑፍ ሲደርሰን ነው።

ረቡዕ ማታ ደግሞ ሦስት ስልክ ይደወላል። አንዱ ለተለዋጩ ሆቴል የሌሊት ሠራተኛ፦ ስሙ በትክክል ተመዝግቧል? ክፍሉ ለጠዋት ተይዟል? ሂሳቡን ከእንግዳዋ እንደማይጠይቁ ያውቃሉ? ሁለተኛው ለሾፌሩ፦ የበረራ ቁጥሩን ይዟል? አውሮፕላኑ ቢዘገይ ይጠብቃል? ሦስተኛው ለራሳችን እንግዳ መቀበያ። ኢሜይሉን ሳያዩት፣ ሾፌሩንም ሳያገኙት በታክሲ በቀጥታ እኛ በር ላይ ሊደርሱ ይችላሉና፣ የጠዋቱ ተረኛ የደብዳቤውን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ያግኝ። እንግዳዋ ስማቸውን ሲናገሩ «እስኪ ላጣራ» ብሎ ኮምፒውተሩን መመርመር ሳይሆን ተነስቶ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ አስቀምጦ፣ ቡና ወይም ሻይ አዝዞ፣ መኪናው እስኪመጣ ነገሩን ቁጭ ብሎ ሊያስረዳቸው ይገባል።